ሰሊጥ ላይ የተቀመጠ ሰርግ

ምስራቅ የድግስ ዋጋ የምትናገረው ቁጭ ብላ ነው። ቆመው የተናገሩት ዋጋ ትንሽ ሲገፉት ይንገዳገዳል ትላለች። አቶ ቸሩ ልጁን ስርጉትን ሊድር ባስጠራት ጊዜም ገና ከበሩ እንደገባች በርጩማ ሳበችና ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተደላደለች። ወሩ ታኅሣሥ ቢሆንም ቆላዋ ከተማ ገንዳ ውሃ ፀሐይዋን በወር አትለካም፤ ሰው ሁሉ ጥላ ጥላውን ነው።

አቶ ቸሩ ኮኪት ላይ ሰፊ እርሻ፣ ገንዳ ውሃ ላይ ደግሞ መኪና ገብቶ የሚዞርበት መጋዘን ያለው ሰሊጥ አምራች ነው። ስሙን ያወጡለት ወላጆቹ ተመኝተው ነበር እንጂ አልሆነላቸውም፤ ሰውዬው በገዛ ቤቱ ስኳር የሚቆልፍ ሰው ነው።

«አራት መቶ ሰው ነው የጠራሁት፤ የአራት መቶ ዋጋ ንገሪኝ» አላት።

«አራት መቶ ሰው ነው ወይስ አራት መቶ ካርድ?»

«ያው አይደል?»

«የት ያው ይሆናል ጋሼ! እዚህ አገር አንድ ካርድ አንድ ቤት ነው። ባል ይመጣል፣ ሚስት ትመጣለች፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ የቀረ የሚስት ወንድም ይመጣል። እሱ ደግሞ ሲበላ ለብቻው ሁለት ካርድ ነው።»

«የማይመጣስ የለም?»

«አለ እንጂ። ከመቶ ካርድ ሃያው ይቀራል። ከሚመጣው ሰማንያ ግን ግማሹ ሁለት ሁለት ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ለአራት መቶ ሰማንያ ነው የማበስለው። በዚያ ላይ ከአሥር አንድ መጠባበቂያ እይዛለሁ።»

አቶ ቸሩ መጠባበቂያ የሚለውን ቃል ሲሰማ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጩን ያዘ። «መጠባበቂያ ማለት የሚደፋ ምግብ ማለት ነው።»

«መጠባበቂያ ማለት ያልታረደ በግ ማለት ነው» አለች ምስራቅ። «ያልተቀቀለ ሩዝ፣ ያልተነካ የሽሮ ዱቄት፣ ያልተከፈተ የለስላሳ ሣጥን። ሰው ካልመጣ በጉ በእግሩ ይሄዳል፣ ለስላሳው ለባለሱቁ ይመለሳል። የማይመለሰው እንጀራና የተሠራ ወጥ ነው፤ እሱን እኔ በልኩ አደርገዋለሁ።»

ከዚያ ወደ ዕቃው ተሻገሩ። ምስራቅ የራሷ ሦስት መቶ ሳህንና አራት ትልልቅ ድስት አላት። ሰው በሁለት ዙር ስለሚበላ ለሁለት መቶ ሃምሳ ሰው መቀመጫ፣ ያን የሚያህል ድንኳን፣ ስድስት ተጨማሪ ድስት፣ የውሃ ሮቶ ያስፈልጋል። ከጎንደር ተከራይታ ከነመኪናው፣ ከነድንኳን ተካዩ እንደምታስመጣ ነግራ ዋጋውን ጠራች።

«እድሩ እያለ ጎንደር!» አቶ ቸሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። «ድንኳን አለን፣ አግዳሚ ወንበር አለን፣ ድስት አለን። አባል ነኝ፤ በነፃ ነው።»

«የእድር ዕቃ ባል ያላት ሴት ናት ጋሼ። ባሏ በጠራት ሰዓት ጥላዎት ትሄዳለች።»

«ባሏ ማነው?»

«ሞት ነዋ። ለቅሶ ከመጣ ዕቃው የለቀስተኛ ነው። ደንቡን ያወጡት እናንተው ናችሁ።»

እዚህ ላይ አቶ ቸሩ ወደ ዋናው መሣሪያው ገባ፤ ወደ ድህነቱ። ዘንድሮ ዝናቡ በአበባው ጊዜ እንዴት እንደጨከነ፣ የቀን ሠራተኛው ክፍያ እንዴት ሰማይ እንደወጣ፣ ትራክተሩ በስንት ቦታ እንደተሰበረ ዘረዘረ። «መጋዘኔን ብታዪው ታለቅሻለሽ። ባዶ ነው። አይጥ እንኳ ተስፋ ቆርጣ ወጥታለች።»

ሚስቱ ወይዘሮ አለምነሽ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አንገቷን ደፋች። የሷን ዘመዶች ከሳንጃ እንዳትጠራ ያደረጋት፣ ለልጇ የፈለገችውን የሐበሻ ቀሚስ ያስተዋት ይኸው ባዶ መጋዘን ነበር።

ምስራቅ ከሴትዮዋ አንገት የተነሳ ትንሽ ለዘብ አለች። በአራት መቶ አርባ ሰው ተስማሙ፤ ሁለት ሰንጋ፣ ዶሮው ለሁሉም አንድ አንድ ብልት እንዲደርስ፣ ለእስላም እንግዶች የተለየ ቤትና የተለየ ድስት። ዕቃው ከእድር። መጠባበቂያ የሚባል ነገር የለም። መውጫው ላይ ግን፣ «በጎቹንማ በራሴ ግቢ አስራቸዋለሁ» ብላ ለራሷ አጉረመረመች።

ወሬው ከተማውን ለመዞር አንድ ከሰዓት አልፈጀበትም። የቸሩ ሰርግ በሞት እጅ ነው ተባለ። ሞት ደግሞ በዚያ ሰፈር አንድ የታወቀ አድራሻ ነበረው፤ አያ አገኘሁ ቤት። አያ አገኘሁ የእድሩ አንጋፋ ሲሆኑ ዓመት ሙሉ እየሞቱ ነበር። ሁለት ጊዜ ተናዘዋል፣ አንድ ጊዜ ተለቅሶላቸው ተነስተው ማን ማን እንዳላለቀሰ ጠይቀዋል።

በሽተኛ ጠይቆ የማያውቀው አቶ ቸሩ ብርቱካን ይዞ ሄደ። በማግስቱም ሄደ። ጤና ጣቢያ ወስዶ ግሉኮስ አስተከላቸው። ምስራቅም የአጥንት ሾርባ በፔርሙዝ መላክ ጀመረች፤ ስታሰላው ከጎንደር ድንኳን ይረክሳል።

ሽማግሌው ነገሩን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም።

«ሰርጉ መቼ ነው ያልሽኝ ልጄ?» አሏት አንድ ቀን፣ ሾርባውን ፉት እያሉ።

«ጥር መጨረሻ ላይ ነው አያ።»

«ሩቅ ነው። ሩቅ ነው። እንዲህ በቀጭን ሾርባ የሚደረስበት አይመስለኝም። ትንሽ ጥብስ ቢጤ ነገር ቢጨመርበት እንኳ…»

ጥብስ ተጨመረበት። ቀጥሎ አዲስ ጋቢ፣ ቀጥሎ ሰርጉ ላይ የክብር ቦታ ጠየቁ፤ ሁሉም ተፈቀደ። ጥር ሲጋመስ አያ አገኘሁ ጉንጫቸው ሞልቶ ደጅ ወጥተው ሰው ሲሳደቡ ታዩ። ምስራቅ የጭንቅላቷ ግማሽ ቀለላት። ቀሪው ግማሽ በሽንኩርትና በበርበሬ ተያዘ።

ቅዳሜ፣ የሰርጉ ዋዜማ፣ ድንኳኑ ቸሩ ግቢ ውስጥ ተተክሎ፣ አግዳሚዎቹ ተደርድረው፣ የእድሩ ድስቶች ውስጥ ሽንኩርት እየተቁላላ ነበር። የምስራቅ ዋና ወጥ ሠሪ ፈንቴ ከእሳቱ ዳር ቆማ ማማሰያዋን እንደ መቅዘፊያ ትገፋለች። እድሜዋን ሙሉ ጭስ ስለጠጣች ድምፅዋ የወንድ ነው፤ የምትናገረውም እንዲሁ።

የእድሩ ዳኛ አቶ አለኸኝ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ከኋላው ሁለት የአህያ ጋሪ ቆሟል።

ምስራቅ ከጋሪዎቹ ወደ ፊቱ አየች። «አያ አገኘሁ?»

«አያ አገኘሁማ ደጅ ተቀምጠው ሸንኮራ እያላመጡ ነው። ምንይችል ነው።»

«የቱ ምንይችል?»

«ጥሩምባ ነፊያችን።»

ምንይችል ሰው በሞተ ቁጥር በየመንደሩ ጥሩምባ እየነፋ የሚያረዳ፣ ገና ጉልበቱ ያልላላ ጎልማሳ ነበር። ጧት ውሃ ሊጠጣ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። የሚያረዳው ሰው ራሱ ስለሞተ ወሬው ቤት ለቤት በእግር እየሄደ ነው እዚህ የደረሰው። ምስራቅ አዘነች፤ ደግ ሰው ነበር። ማዘኗ ሳያልቅ ግን ሰውዬው ሰኞን ቢጠብቅ ምን ነበረበት ብላ አሰበች፣ አስባም አፈረች።

«ቀብሩ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ወንድሞቹ ከጎንደር እስኪመጡ» አለ አለኸኝ። «ድንኳኑንና አግዳሚውን አሁን እወስዳለሁ። ድስቱንም። ንፍሮ ሊቀቀል ነው።»

«ውስጡ ሽንኩርት አለ እኮ!» ፈንቴ ማማሰያዋን ደቀነች። «የሰርግ ቁሌት ለለቅሶ ይወሰዳል? ሟቹ ተነስቶ ይጠይቅሃል!»

አለኸኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ሽንኩርቱ ወደ ምስራቅ አራት ድስትና ወደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ እስኪገለበጥ ድረስ ጠበቀ። ከዚያ ድንኳኑ ወረደ። ግቢው በአንዴ ሰማይ ብቻ ሆነ።

አቶ ቸሩ ራሱን ይዞ በግቢው ይሽከረከር ጀመር። «ጎንደር ደውዪ! ጎንደር ደውዪ!»

«ጎንደር ጥር ነው ጋሼ። የጎንደር ድንኳን ሁሉ ዛሬ ሰው ይዟል።» ምስራቅ በርጩማዋን ሳበችና ቁጭ አለች። ለነገ ከአራት መቶ በላይ ሰው፣ ያለ ጥላ፣ በቆላ ፀሐይ። ጥላ የት አለ? ገንዳ ውሃ ውስጥ ይህን ሁሉ ሰው የሚችል ጣራ ማን አለው? ዓይኗ ከግቢው ማዶ በሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ መጋዘንዎ!»

አቶ ቸሩ መሽከርከሩን አቆመ። «ምን ሆነ?»

«ባዶ ነው አላሉኝም? ባዶ ከሆነማ አዳራሽ ነው። ጣራ አለው፣ ሁለት በር አለው፣ ለምግብ ሠሪውም ቅርብ ነው። ጠርገን ውሃ ብናርከፈክፍበት…»

«አይጥ አለበት።»

«ወጥታለች አላሉም?»

«ተመልሳለች።»

«ከአይጥ ጋር እንበላለን እንግዲህ። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ቁልፉ… ኮኪት ነው። እርሻው ቤት።»

ምስራቅ ባዶ ቤት እንዲህ የሚጠበቅበትን ምክንያት መጠርጠር ጀምራ ነበር፤ ግን የሷ ቦታ አይደለም። ወይዘሮ አለምነሽ ግን ቦታው የሷ ነበር። ቀስ ብላ መጣች፣ ባሏ ፊት ቆመች፣ መዳፏን ዘረጋች። ቁልፉ ከባሏ ሱሪ ቀበቶ ላይ መንጠልጠሉን ሠላሳ ዓመት ስታይ ኖራለች።

አቶ ቸሩ ሰማዩን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ቁልፉን ፈታ።

በሩ ሲከፈት የሰሊጥ ሽታ እንደ ሰው ወጥቶ ሰላም አላቸው። ጆንያ በጆንያ ላይ፣ ከወለል እስከ ቆርቆሮው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ለአንድ ድመት መተላለፊያ አልነበረም።

ፈንቴ ማማሰያዋን እንደያዘች አንገቷን አስግጋ አየች።

«ለካ አይጧ የወጣችው ቦታ ጠቧት ነው» አለች ፈንቴ።

«ዋጋው እስኪወጣ ብዬ ነው» አቶ ቸሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰው እንዳይሰማ፣ ደላላ እንዳይሰማ… ለልጆቻችን ብዬ…»

ወይዘሮ አለምነሽ ጆንያዎቹን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች አየቻቸው። ስትዞር ያናገረችው ባሏን አልነበረም።

«ምስራቅ፣ መጀመሪያ ያልሽው ሰው ስንት ነበር?»

«አራት መቶ ሰማንያ። ከነመጠባበቂያው ከአምስት መቶ በላይ እትዬ።»

«እሱን አድርጊው። ከዚያ ላይ የኔን ዘመድ ጨምሪ። ከሳንጃ ያስቀረኋቸውን አሁን እደውልላቸዋለሁ።»

«ስንት ናቸው?»

«አንድ አይሱዙ።»

«ሙሉ አይሱዙ?»

«ቆመውም ይመጣሉ» አለች አለምነሽ።

ምስራቅ ከዚያ ወዲያ አልተቀመጠችም። ጆንያው አንድ ኩንታል ነው፤ ወደ ግድግዳው በወንበር ልክ ቢደረደር ሁለት ሰው በምቾት፣ ተፋቅረው ከሆነ ሦስት ያስቀምጣል። ደራርበው የቆለሉት ላይ ሳንቃ ቢጋደምበት ደግሞ ጠረጴዛ ነው። የመጋዘኑ መሀል ይለቀቃል፤ የተረፈው ጆንያ ወደ ግቢው ወጥቶ የውጪ መቀመጫ ይሆናል፤ በላዩ የእርሻው ሸራ ይወጠራል። ጆንያ ለማውጣት ከአውቶብስ ተራ ሠላሳ ያህል ወዛደር መጣ። ሲጨርሱ ምስራቅ፣ «ነገ ምሳ እዚሁ ናችሁ» አለቻቸው። ይሄንን ሁሉ ተሸክሞ ሰርጉን በአጥር ቀዳዳ የሚያይ ሰው አጥሩን ይዞት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ከወዲሁ ቢቆጠር ይሻላል።

ድስቱ ከኮኪት በትራክተር ተጎታች መጣ፤ ለአጨዳ ሠራተኛ ሽሮ የሚሠራባቸው፣ ውጪያቸው እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ሕፃን የሚዋኝባቸው ድስቶች። በበርሜል የተሞላ ውሃም አብሮ መጣ። የከበደው እንጀራው ነበር። ለሰው ሁለት ተኩል ብላ ያዘዘችው ለአራት መቶ አርባው ብቻ ሲሆን፣ ጋጋሪዎቹ ደግሞ ግማሾቹ ለቅሶ ቤት ገብተዋል። ለመተማ ዮሐንሱ ነጋዴ ለመሐመድ ደወለች፤ የእስላሙን ድስት የያዘችው የሱ ሚስት ናት። መሐመድ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የሱዳን ዳቦ በጆንያ፣ ስምንት ሰው ከቦ የሚበላባቸው ሰፋፊ የሱዳን ትሪዎችም ጭምር አመጣለሁ አለ።

«ስንት ትሪ ትፈልጊያለሽ?»

«ያለህን ሁሉ።»

እሁድ ሰንጋዎቹ ጎህ ሲቀድ ታረዱ፤ በዚያ ሙቀት ቀድሞ የታረደ ሥጋ ከእንግዳው ቀድሞ ይበላሻል። የሙሽራው ወገን መጣ፣ የሳንጃው አይሱዙ እየዘፈነ ደረሰ፣ ስርጉት በነጭ ቀሚሷ ከሰሊጥ ጆንያ በተሠራ መድረክ ላይ ወጣች። የከተማው ሰው ግን ቀብር ላይ ስለነበር መጋዘኑ ግማሽ ብቻ ሞላ። ምስራቅ ይሄንን አስባበት ነበር፤ ቀባሪው አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እያለ ይመጣል፣ እስከዚያ የመጀመሪያው ዙር ሳህን ይታጠባል ብላ ነበር።

የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ከቀብር የተመለሰ ሰው አንድ አንድ አይመጣም። እጁን ታጥቦ፣ እዝን ቀምሶ፣ ሙሉ እድር ሆኖ ባንድ ላይ ተነሳ። አለኸኝ ከፊት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከኋላ፣ ሦስት መቶ የሚያህል ሰው በመጋዘኑ ሁለት በር ባንዴ ገባ። በሩ ላይ ነጠላው ተገለበጠ፣ ፊቱም ከነጠላው ጋር ተገለበጠ፤ እልልታው ቀለጠ። ሳህኑ ግን ሁሉ ሳፋ ውስጥ ነበር።

«ትሪ!» አለች ምስራቅ። «ትሪ አውጡ! ስምንት ስምንት ሆናችሁ ክበቡ! ፈንቴ፣ ዶሮው ላይ ቁሚ፤ ማንም በራሱ እጅ እንዳያነሳ!»

ፈንቴ ጭልፋ ይዛ እንደ ድንበር ጠባቂ ቆመች። «አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላል! ሁለተኛ የፈለገ ሁለተኛ ሰርግ ይጥራ!» አንድ ወፍራም ደላላ ሁለተኛ ሊለምን ሲንጠራራ የተቀመጠበት ጆንያ ተቀደደ። ሰሊጡ እንደ ምንጭ እየተንፎለፎለ ወረደ፤ ደላላው አብሮ ወረደ። ከወደቀበትም ዕፍኝ ዘግኖ በጣቱ እያሸ፣ «ቸሩ፣ ይሄ እኮ አንደኛ ደረጃ ነው» አለ፣ ዙሪያውን እያየ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ጆንያ እየቆጠረ ነበር። ከዚያ በኋላ እንግዳው ሁሉ በአንድ እጁ እየጎረሰ በዓይኑ ይቆጥር ጀመር።

አያ አገኘሁ በአዲሱ ጋቢያቸው ከሁሉ ከፍ ባለ ጆንያ ላይ ነበሩ። «ቸሩ!» አሉ፣ ከበሮውን በሚያሸንፍ ድምፅ። «እኔን ከሞት ትጠብቁኛላችሁ ስል፣ ለካ ሰሊጥ ነው ስትጠብቁ የነበረው!»

ሳቁ ቆርቆሮውን አናወጠው። አቶ ቸሩም ሳቀ፤ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው?

ከምስራቅ ግቢ በጎቹ በሙሉ መጡ፤ ዱቄቱም ሽሮ ሆነ፣ ሩዙም ተቀቀለ። ለወዛደሮቹና ለመጨረሻው ትሪ ዶሮ ባይደርስም የበግ ወጥ በዳቦ ደረሰ። በሷ ግምት ስድስት መቶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰው በልቷል። ተርቦ የወጣ የለም፤ ድስቶቹም ግርጌያቸውን አሳይተዋል። ወይዘሮ አለምነሽ ለዘመዶቿ ስትጨፍር ጫማዋን አወለቀች። እስከ ማምሻው መልሳ አላጠለቀችውም።

ሰኞ ደላሎች ከለቅሶ ቤት ቀጥለው ወደ ቸሩ በር መጡ። ምስጢሩ በስድስት መቶ አፍ ውስጥ ስለነበር ሰሊጡን ደብቆ ማቆየት አልቻለም፤ ሸጠ። የካቲት ላይ ዋጋው ወረደ፤ ብዙ ሰው ተጎዳ። አቶ ቸሩ ግን ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ «እኔ ገበያውን አሽትቼው ነበር። ሰርጉንም መጋዘን ውስጥ ያደረግኩት ገዥ ሰሊጤን እንዲያይልኝ ብዬ ነው» እያለ ማውራት ጀመረ።

ይሄን ወሬ ለምስራቅ ያመጣችላት ፈንቴ ናት። ሁለቱ የኮኪቱን ድስቶች ከመመለሳቸው በፊት ውጪያቸውን በአመድና በአሸዋ እየፈተጉ ነበር፤ ከሥር የብረቱ ዓይነተኛ ቀለም ብቅ ማለት ጀምሯል።

«አንቺስ ዝም ትይዋለሽ?» አለች ፈንቴ።

«ሒሳቡን ከፍሏል» አለች ምስራቅ። «ያንን ድስት ወደዚህ አዙሪልኝ፤ በዚያ በኩል አልነካሽውም።»